ጋቢናው ለማን ተሠራ?

እኛ የሽማግሌና የባልቴት ልጆች ነን። መኪና ስንገዛ የምንጠይቀው ጥያቄ ከሌላው ሰው ይለያል፤ ደላላ የሚስቅብንም ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ኮፈን ከፍቶ ሞተር ያዳምጣል፤ እኛ በር ከፍተን ወንበር እንለካለን። ሌላው ሰው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ይላል፤ እኛ «ከመሬት እስከ መቀመጫው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» እንላለን። ደላላው ዘወር ብሎ ጓደኛውን ያያል፤ ጓደኛው ሳቁን በእጁ ይሸፍናል። ከዚያ ያው የታወቀው መልስ ይመጣል፦ «ምቹ ናት'ኮ፤ ቁጭ ብለው ይዩአት!» ቁጭ ማለቱማ ምን ገዶን፤ እኛን የቸገረን መነሣቱ ነው።

መቸም ይህን የሚያነብ ሰው ቤት ጉልበቱን የያዘው አንድ ሽማግሌ ወይም ወገቧን የያዛት አንዲት አሮጊት አይጠፉም። ልቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ማኅበር አለ፣ የሐኪም ቀጠሮ አለ። ለሁሉም መኪና ያስፈልጋል። ለሁሉም መኪና ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ለሁሉም ከመኪና ውስጥ መውጣት ያስፈልጋል። የምናየው ትርኢትም ሁልጊዜ ያው ነው። አንዱ ልጅ ብብት ሥር ገብቶ ይደግፋል፣ አንዱ ጭንቅላት ዝቅ ያደርጋል፣ አንዱ እግር ያነሣል፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ቀስ! ቀስ! ኧረ ቀስ!» ይላል። ጠዋት በራሳቸው እግር ቤተ ክርስቲያን ደርሰው የመጡ ሰው፣ መኪና በር ላይ ሲደርሱ ድንገት በሽተኛ ይሆናሉ። በሽታው የሳቸው አይደለም፤ የወንበሩ ነው።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። መቀመጫው ከጉልበት ማጠፊያ ሲያንስ ጉልበቱ አጥብቆ መታጠፍ አለበት። የደረቀ ጉልበት ደግሞ ያን ያህል አይታጠፍም፤ ስለዚህ ባለቤቱ የመጨረሻዋን ስንዝር የሚጨርሷት በመውደቅ ነው። «ዘጭ!» የምትለዋን ድምፅ ሁላችንም እናውቃታለን። መነሣቱ ይብሳል። ከዝቅተኛ ወንበር ሲነሡ ክብደቱን ሁሉ የሚያነሣው የጭን ጡንቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በእርጅና ከሁሉ ቀድሞ ከሚደክሙት አንዱ ነው። ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሸክሙ ይቀላል። አለቅጥ ከፍ ካለ ደግሞ መቀመጥ መሆኑ ቀርቶ ተራራ መውጣት ይሆናል። ትክክለኛው ከፍታ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሰውየው ከመኪናው ጎን ቀጥ ብለው ሲቆሙ የመቀመጫው ጠርዝ ከጉልበታቸው በላይ፣ ከዳሌያቸው በታች፣ ጭናቸው መሐል አካባቢ ማረፍ አለበት። ይኸው ነው። መሐንዲስ አያስፈልገውም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃዋል።

የእናቴን ጉዳይ ላንሣ። ዳባት ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቁመቷ ቢበዛ አንድ ሜትር ከ55 ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ ያሟታል፤ ቀኙ ይብሳል። ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ 40 ሴንቲ ሜትር ናት። ከበርጩማ ያለ ረዳት አትነሣም። ከሳሎኑ ሶፋማ ሁለት ሰው ነው የሚያስነሣት። ከአልጋዋ ላይ ግን ብቻዋን ትነሣለች፤ መዳፏን ፍራሹ ላይ ተጭና፣ «በስመ አብ» ብላ፣ ቀጥ ትላለች። አልጋውን ለካነው፤ እሷ ተቀምጣበት ሰርጎ 55 ሴንቲ ሜትር ነው። መኪና ፍለጋ የወጣነው ይህችን ቁጥር ይዘን ነው። ከ55 ብዙም አንወርድም፣ ከ65 ብዙም አንወጣም፤ ቃላችን ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የቀረበችልን ኮሮላ ናት። ኮሮላን የሚነቅፍ ሰው በአገራችን የለም፤ እኛም አንነቅፍም። መለዋወጫዋ የትም አለ፣ ሲሸጧት ዋጋዋ አይወድቅም። ግን የአንድ ትውልድ ሙሉ ኮሮሎች ጣሪያቸው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ወንበራቸውም በዚያው ልክ ወርዷል። ሜትራችን 50 ገደማ አነበበ፤ ያውም ባዶውን። ባዶውን መለካት ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ያገለገለ መኪና ስፖንጁ ደክሟል፣ ሰው ሲያርፍበት ይሰምጣል። እናቴ ስትቀመጥበት አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ይዟት ወረደ። ደላላው «ኮሮላ'ኮ ናት፣ ማዘር!» አላት። «ብትሆንስ ልጄ፣ ጉድጓድ ናት» አለችው። እሷን ለማውጣት ደላላው ራሱ አንድ ክንድ ያዘ።

ከዚያ ዘመድ መጣ። ዘመድ ሁልጊዜ የሚመክረው ፒክአፕ ነው። «ወገራ፣ ዳባት፣ ደባርቅ ስትመላለሱ፣ ከአስፋልቱም ወጣ ስትሉ፣ በኮሮላ ነው የምትሄዱት? ሃይሉክስ ነው እንጂ!» ይላል። አገሩን ያውቃል፤ ምክሩም ለጎማው ትክክል ነው። ለእናታችን ግን የወንበሩ ጠርዝ 80 አልፎ ወገቧ ጋ ደረሰ። «መርገጫ ይደረግበታል» አለ ዘመድ። መርገጫውም ቢሆን ከመሬት ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ አንድ የታመመ ጉልበት ለብቻው ያን ያህል ሰውነት ማንሣት አለበት ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን መያዣ እንዳትይዝ ትከሻዋ ወደ ላይ አይነሣም። በመጨረሻ በእኛ ሸክም ወጣች፤ ከላይ ተቀምጣም ደስ አላት፣ አገር ምድሩ ይታያላ! መውረዱ መጣ። ሲወርዱ እግር መርገጫውን በዳበሳ ነው የሚፈልገው፤ ቀሚሱ ሸፍኖታል፣ ዓይን አያየውም፣ ጉልበቱ አይታጠፍም። ላንድ ክሩዘር የሚሉም አልጠፉም። ላንድ ክሩዘር ክብር ነው፤ ክብር ደግሞ መሰላል አለው።

በጣም የገረመን ቪትዝ ናት። ስንት ቀልድ የተቀለደባት ቪትዝ! ትንሽ ናት ብለን ልናልፋት ነበር፤ ትንሽ የሆነችው ግን በርዝመቷ ነው። ጣሪያዋ ከነዚያ ኮሮሎች እኩል ነው ወይም ይበልጣል፤ አጭር ስለሆነች ሰውን አስተኝታ ሳይሆን ቀጥ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው። ሜትራችን 55 ላይ ቆመ። ራቭ ፎር ደግሞ 65ን ትንሽ አለፈ፤ ለእናቴ ትንሽ ሽቅብ ነው፣ ቁመታቸው ረዘም ላሉ አባት ግን ልኩ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅነው በሜትር እንጂ በማስታወቂያ አይደለም። ማስታወቂያው የፈረስ ጉልበት ይነግረናል። የሰው ጉልበት የሚያነሣ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ንዴታችን እንምጣ።

ከሹፌሩ ወንበር ጎን አንዲት እጀታ አለች። ወደ ላይ ሲስቧት ወንበሩ ከፍ ይላል፣ ወደ ታች ሲጫኗት ዝቅ ይላል። በጣም ጥሩ ነገር ናት። በእነዚህ የእኛ አቅም በሚደርስባቸው መኪኖች ላይ ግን እጀታዋ ካለች ያለችው ሹፌሩ ጋ ብቻ ነው። ጋቢናው ባዶ ነው! ጎንበስ ብለን ዳበስን፤ የለችም። በሌላኛው በኩል ዳበስን፤ የለችም። የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፣ የጀርባው መደገፊያ ይተኛል፣ አለቀ። ለሹፌሩ ከፍታ የተሰጠው መንገድ እንዲያይ ነው፤ ከመንገድ ደኅንነት አንጻር አንቃወምም። ግን ሹፌሩ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ወንበር ባይኖረው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይነዳል። ጋቢና የሚቀመጠው ማነው? በዚህ አገር ጋቢና የሚቀመጠው ታላቅ ነው። አባት ነው፣ እናት ናት፣ የነፍስ አባት ናቸው፣ የሠፈር ሽማግሌ ናቸው። ጉልበት ያለው ወንበሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ጉልበት የሌለው በተሰጠው ይቀመጣል። ፋብሪካው አንዲት እጀታ ቆጥቦ እኛን ተሸካሚ አደረገን።

«ትራስ አድርጉበት» የሚሉን አሉ። አድርገናል። ትራስ ሲቀመጡበት ግማሹ ይጠፋል፤ የቀረው ደግሞ በየመታጠፊያው ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ከታች የጨመሩት ሴንቲ ሜትር ከላይ ይቀነሳል፤ በሩ እንደሆነ አያድግም። ከመቀመጫው እስከ ጣሪያው ጠርዝ ያለው ክፍተት ሲጠብ ጭንቅላት ይበልጥ መጎንበስ አለበት፤ አንገቱ የደረቀ ሰው ደግሞ አይጎነብስም፣ ይጋጫል። ቀበቶውም ዳሌ አጥንት ላይ መያዝ ሲገባው ወደ ሆድ ይንሸራተታል፤ ይህ በግጭት ጊዜ አደገኛ ነው። የግድ ከሆነ ጠጠር ያለ፣ የማይሰረጉድ፣ ከሥሩ የማይንሸራተት ስስ ነገር ይሻላል።

ከፍታው ልክ ሆነ እንበል። የምንኖርባት ጎንደር ግን ሜዳ አይደለችም። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጀርባ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከፒያሳ ወዲያም ወዲህም ሲሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። መኪናው አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ሲቆም የከፈቱት በር ተመልሶ ይመጣል፤ የሚያገኘው የሽማግሌውን ቅልጥም ነው። ቁልቁል ሲቆም ደግሞ በሩ ከእጅ አምልጦ እስከ መጨረሻው ይበረገዳል፤ ከተቀመጡበት ደርሶ ለመዝጋት የተወረወረ ክንድ ያስፈልጋል። በሩን በየደረጃው የሚያቆም መያዣ ማጠፊያው አጠገብ አለ፤ በአሮጌ መኪና ላይ ይህ ነገር አልቆ ነው የሚገኘው፣ ገዢም አይፈትሸውም። እኛ መኪናዋን ዳገት ላይ አስቁመን በሩን ለቀቅ እናደርጋለን። በቆመበት ከቆመ ጎሽ፤ ከተመለሰ ማሠሪያ ቦታ እንጠይቃለን። እናቶቻችን ሲነሡ የሚደገፉት ይህንኑ በር ነውና።

ቀጥሎ የእግረኛ መንገድ የሚባለው ነገር አለ። ሹፌሮቻችን ለአረጋዊ ክብር ሲሉ መኪናውን ጠርዙ ድረስ አስጠግተው ያቆማሉ። «እንዳይደክማቸው» ይላሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ጠርዙ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ግን እናቴ የቆመችው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ነው፤ 55 የነበረው ወንበር 35 ሆነ ማለት ነው። በሜትር ተለክቶ፣ በስንት ጭቅጭቅ ተመርጦ የተገዛው ወንበር በአንዲት ድንጋይ በርጩማ ሆነ! ዝቅ ያለ መኪና ከጠርዙ ራቅ ብሎ አስፋልቱ ላይ ነው ሰው የሚያወርደው፤ በሩም በደንብ ይከፈታል። ጠርዝ የሚፈልገው ፒክአፑ ነው፤ ያ ከፍታ እሱን ያቀልለታል። ተሰብስበው የሚያደርጉት ግን በተቃራኒው ነው። ቪትዟ ጠርዙን ልሳ ትቆማለች፣ ፒክአፑ መሐል መንገድ ላይ ሆኖ «ይውረዱ አባ!» ይላል። በቀረው ሥፍራ ደግሞ ጠርዝም የለ፤ ክዳኑ የጠፋ ቱቦ፣ የተቆፈረ ዳር፣ የተከመረ አሸዋ ነው ያለው። በር ከፍቶ እግር ማሳረፊያ የሚፈልግ ሽማግሌ ከቱቦው ማዶ ያለውን መሬት በናፍቆት ያያል።

ስለ በሩ አንድ ነገር አለ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛ በቀኝ የምንነዳ ስለሆንን ጋቢናው በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ሰው እግሩን አስቀድሞ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስገባው ግራውን ነው። ያን ጊዜ ሰውነቱን ሁሉ የተሸከመው ቀኝ ጉልበት ብቻ ነው። የእናቴ የባሰበት ጉልበት ደግሞ ቀኙ ነው! ሲወጣም መጀመሪያ መሬት የሚረግጠውና የሚሸከመው ያው ቀኝ ነው። ስለዚህ እግር አይቀድምም፤ መቀመጫ ይቀድማል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጀርባውን ትንሽ አስተኝቶ፣ እናት ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ ጭኗ ጠርዙን እስኪነካ ታፈገፍጋለች፤ ትቀመጣለች፤ ጭንቅላቷን ታስገባለች፤ ከዚያ ሁለት እግሮቿን አንድ ላይ አድርጋ ትዞራለች። የወንበሩ ልብስ ቬልቬት ከሆነ ቀሚሱና ነጠላው ተጣብቀው አያዞሯትም። አዲስ መኪና ገዝተው የወንበሩን ላስቲክ ዓመት ሙሉ የማያነሡትን ሰዎች ስንት ዘመን አምተናቸዋል፤ ለመዞር ግን ከላስቲክ የተሻለ የለም። ከዞረች በኋላ ይነሣ እንጂ! አለዚያ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ዳሽቦርዱ ትሄዳለች።

ይህ እንዲሆን በሩ ሰፊ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሌላ ተንኮል አለ። ለጉልበቷ ቦታ እንዲገኝ ወንበሩን ወደ ኋላ ስንገፋው የመቀመጫው ግማሽ ከመሐሉ ምሰሶ ጀርባ ይደበቃል። አራት በር ያለው መኪና የፊት በሩ አጭር ነው፣ ምሰሶውም ወደ ፊት የመጣ ነው። ወደ ፊት ስናመጣው ደግሞ ያ ተጋድሞ የሚወርደው የፊት መስታወት ምሰሶ ግንባሯን ይጠብቃታል። መኪናው ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተብሎ ምሰሶው በዓመት በዓመቱ ይጋደማል። ከአዘዞ ፒያሳ በባጃጅና በአህያ መሐል ለሚሄድ መኪና የምን ነፋስ መሰንጠቅ ነው? የድሮዋ ላዳ ምሰሶዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ሳይቀሩ ይገቡባት ነበር። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ወንበሩ ለእግሯ በሚመቻት ቦታ ላይ ተደርጎ ከጎን ሲታይ የመቀመጫው አብዛኛው ክፍል በበሩ ክፍተት ውስጥ መታየት አለበት።

ገባች። በሩ ተዘጋ። አሁን ደግሞ አይታያትም።

ለእናቶቻችን መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም። የማን ቤት ተጠገነ፣ የማን አጥር ፈረሰ፣ ድንኳን የተተከለው የት ነው፣ ያ የሚሄደው የእገሌ ልጅ አይደለም ወይ፤ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በመስኮት ነው። የዛሬ መኪና ግን በሩ ወደ ላይ አድጎ መስኮቱ ቀጥኗል። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ከውስጥ አጭር ሰው ሲቀመጥበት የበሩ ጠርዝ አገጭ ላይ ይደርሳል፤ የሚታየው የኤሌክትሪክ ምሰሶና ሰማይ ነው። «የት ደረስን?» ትላለች። አምባ ጊዮርጊስ እንላታለን። «እስቲ አምባ ጊዮርጊስ የቱ ነው?» ልኩን ለማወቅ ሰውየው ተቀምጠው ክንዳቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ያሳርፉ፤ ትከሻቸው ሳይነሣ ክርናቸው ከተመቸው መስኮቱ የሳቸው ነው። ነገሩ የወሬ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ከጎንደር በኮሶዬ አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ጥምዝምዝ ነው፤ ከፊት ያለውን መንገድ የሚያይ ሰው ማጥወልወሉ ይቀንስለታል፣ ዳሽቦርድ ብቻ የሚያይ ሰው ግን ፌስታል ይጠይቃል። ዳባት ሳንደርስ ስንት ጊዜ ዳር ይዘን እንደቆምን እንተወው። መስታወት ማጥቆር የሚወዱትን ደግሞ ፈጣሪ ይይላቸው፤ እናታችንን እጅ የነሣ ሰው ሰላምታው አልተመለሰለትም ብሎ ተቀይሟል።

ራሳቸው የሚነዱ አባት ያሏቸው ሰዎች ሮሮ ሌላ ነው፤ ባጭሩ እንለፈው። አንገታቸው አይዞርም። ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚያምኑት ስፖኪዮውንና ጸሎታቸውን ነው። ለሳቸው የኋላ መስታወቱ ሰፊ፣ የጎን ምሰሶው ቀጭን የሆነ መኪና ይፈለግላቸው። የኋላ ካሜራ ቢገጠምም አይጠላም፤ ሌንሱን ጭቃ እንደሚሸፍነው ግን ክረምት ላይ ያዩታል።

«አዲስ ግዙ» የሚለን ሰው ደግሞ ገበያውን አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ምርጫችን ሁለት ሆነ፤ አገር ውስጥ ያረጀው የቤንዚን መኪና ወይም አዲሱ የኤሌክትሪክ።

ኤሌክትሪኩንም ሄደን አየነው። መቀመጫው ከመሬት 60 አካባቢ፤ ደስ አለን። እናታችን ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ወደ ደረቷ መጣ። ምንድነው ብለን ወለሉን ለካን። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ብሏል፤ ከወለሉ እስከ መቀመጫው ያለው ከፍታ ደግሞ አጥሯል። ስለዚህ ሜትር የሚይዝ ሰው ሁለቴ ይለካ፤ ከመሬት እስከ መቀመጫ ለመግባትና ለመውጣት ነው፣ ከወለል እስከ መቀመጫ ተቀምጦ ለመቆየት ነው። ሁለተኛው ካጠረ ጭን ድጋፍ ያጣል፣ ዳሌ ይታጠፋል፣ ዳሌው የደረቀ ሰው ደግሞ ወገራን ሳያልፍ ያቃስታል። ይህም ይሁን አልን፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሌላ እናያለን። የሚቀጥለው መኪና እጀታ የለውም! በሩ ልሙጥ ነው። ሻጩ አንድ ጫፉን በአውራ ጣት ሲጫነው ሌላው ጫፍ ብቅ አለ፤ በሌላ ጣት ደግሞ ይሳባል። «ዘመናዊ ነው» አለ። እናታችን ሞከረች፤ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት ሲኒ አይጨብጡም። ሁለተኛ ሞከረች። «በር የሌለው ቤት ምን ይሉታል?» ብላ ከዘራዋን አነሣች። ሻጩ ዋጋውን ሊነግረን ሲጀምር እኛም ተከተልናት።

በመጨረሻ ቪትዝ ተገዛች። ወንበሩ ልክ ነው፣ በሩ ዳገት ላይ ይቆማል፣ መስኮቱ ክንድ ያሳርፋል። ያ ፒክአፕ የመከረ ዘመድ ሦስት ሳምንት አኮረፈ። ስፖንጁን ወንበር ሠሪ ዘንድ ወስደን በጠጣር ቀየርነው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር አገኘንበት። ሹፌሩን ከእግረኛው ጠርዝ ራቅ ብሎ እንዲያቆም አስተማርነው፤ ተማረም። እናታችን መቀመጫዋን አስቀድማ፣ እግሯን አንድ ላይ አዙራ፣ ማንም ሳይነካት መግባት ቻለች። ጎረቤት ወጥቶ አየ።

ከዚያ ዳባት ልቅሶ መጣ። የእናታችን ታላቅ ወንድም አብረውን ሊሄዱ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ ቁመታቸው አንድ ሜትር ከሰማንያ አያንስም። ሹፌሩ በሩን ከፈተ። እናታችን ወደ ኋላ ተመልሳ «ግባ እንጂ ወንድም ጋሼ፣ ጋቢናው ያንተ ነው» አለች። እሳቸውም አላቅማሙም። ጭንቅላታቸው ጣሪያው ላይ፣ ጉልበታቸው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ባርኔጣቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ ተቀመጡ፤ ወንበሩንም እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አስገፉት። እናታችን ከኋላው በር ፊት ቆማ ትጠብቀናለች። የኋላው በር ደግሞ ከታች ጎማው ስለሚበላው ለእግር ማስገቢያ የቀረው አንድ ስንዝር ተኩል ነው፤ ከፊቱ ያለው ወንበርም አሁን አጎታችንን ይዞ እዚያው ደርሷል። ሜትሩን የያዘው ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ለካ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። አንዱ ብብት ሥር ገባ፣ አንዱ እግር አነሣ፣ አላፊ አግዳሚውም ጀመረ፦ «ቀስ! ኧረ ቀስ!»